የአሥር በመቶው ድርሻ፤ በአስተናጋጅ፣ በምግብ ሠሪና በዕቃ አጣቢ መካከል



አንድ እንግዳ ሆሳዕና ከሚገኙት ሆቴሎች በአንደኛው ተቀምጦ በ1,000 ብር ምግብና መጠጥ ቢያዝዝ፣ ቤቱ የአገልግሎት ክፍያ የሚጠይቅና ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ፣ የሚቀርብለት ደረሰኝ 1,000 ብር ብቻ አይልም። በመጀመሪያ አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ማለትም 100 ብር ይጨመራል። ከዚያም በ1,100 ብሩ ላይ አሥራ አምስት በመቶ ታክስ፣ ማለትም 165 ብር ታስቦ ጠቅላላው 1,265 ብር ይሆናል። እንግዳው ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ 50 ብር በሰሐኑ ላይ ትቶ ይሄዳል። ታክሱ የመንግሥት፣ ሺው ብር የቤቱ መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው፣ አንዳንዴም የሥራ ጓደኛሞችን የሚያቀያይመው፣ የመቶው ብርና የሃምሳው ብር ጉዳይ ነው። የዚህ ንግግር ርእስም ይኸው ነው።

ሁለቱ ገንዘቦች በአንድ ሰሐን ላይ ቢገናኙም ባሕርያቸው የተለያየ መሆኑን አስቀድሞ መገንዘብ ያስፈልጋል። ሃምሳው ብር ጉርሻ ነው። ቃሉ ራሱ እንደሚያስረዳው ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ የሚሰጥ፣ ሰጪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ስጦታ ነው። እንግዳው ቢሻው ይሰጣል፤ ባይሻው ይተወዋል። የአገልግሎት ክፍያው ግን እንግዳው ወደደም ጠላም በደረሰኙ ላይ ተጽፎ የሚጠየቅ፣ በቤቱ ስም የሚሰበሰብና በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የሚቆጠር ገንዘብ ነው። ጉርሻ ለታየ ፊት ሲሰጥ፣ የአገልግሎት ክፍያ የሚሰበሰበው በጠቅላላው ለተሰጠው አገልግሎት ነው። ከዚህ ልዩነት የተነሣ ሁለቱን በአንድ ደንብ ለማከፋፈል መሞከር ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ የሚለው አጭር ቢሆንም መዘዙ ረጅም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ከተረጐመ በኋላ፣ እንደ ደመወዝ የማይቈጠሩትን ክፍያዎች ሲዘረዝር ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ከእነዚሁ ውስጥ አስገብቶታል። አዋጁ ይህ ገንዘብ ለየትኛው ሠራተኛ በምን ስሌት እንደሚከፋፈል አይዘረዝርም። በመሆኑም የክፍፍሉ ነገር ለኅብረት ስምምነት፣ ለቤቱ የሥራ ደንብ ወይም ለልማድ የተተወ ነው። ስምምነትም ደንብም በሌለበት ቤት የሚቀረው ልማድ ብቻ ሲሆን፣ ልማዱን የሚያውቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የያዘው ሰው ነው።

ከክፍፍሉ ስሌት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። ይኸውም ከእንግዳው ፊት የማይቆሙት ሰዎች ለምን ይካፈላሉ የሚለው ነው። ክትፎ የሚያቀርብ ቤትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሥጋው በቢላ ይከተከታል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ቆጮው ይጋገራል፤ በሐድያ ባህል የከበረው አተካናም ቡላውን ከቅቤ ጋር በእሳት ላይ እያማሰሉ በትዕግሥት የሚሠራ ነው። አስተናጋጁ የሚያደርሰው ይህን ሁሉ የሌላ ሰው ድካም ነው። የዕቃ አጣቢዋን ሥራ ለመመዘን ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ቤቱ 80 ብርጭቆ ቢኖረውና በምሳ ሰዓት 150 እንግዳ ቢገባ፣ አብዛኛው ብርጭቆ በዚያችው ሰዓት ታጥቦ ለሁለተኛ እንግዳ መመለስ ይኖርበታል። አጣቢዋ ግማሽ ሰዓት ብትዘገይ የሚቆመው ማጠቢያው ብቻ አይደለም፤ አስተናጋጁ ባዶ እጁን ይቆማል፤ ጉርሻውም ይቀንሳል። ሰንሰለት የሚበጠሰው በሳሳው ቀለበት ላይ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ቀለበት ብቻ የሚከፈልበት ሥርዓት ሚዛናዊ አይሆንም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። ለማስረዳት እንዲመች በሆሳዕና አንድ መካከለኛ ቤት አለ እንበል። በወር ከታክስና ከአገልግሎት ክፍያ በፊት 600,000 ብር ይሸጣል፤ የአገልግሎት ክፍያው 60,000 ብር ይሆናል። አምስት አስተናጋጆች፣ አራት ምግብ ሠሪዎችና አራት ዕቃ አጣቢዎች አሉት። ሁሉም በወር 25 ቀን ይሠራሉ፤ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ግን በዚህ ወር በራሷ ጉዳይ አምስት ቀን ቀርታ 20 ቀን ሠርታለች።

የመጀመሪያው መንገድ ገንዘቡን ለ13 ሰው እኩል መክፈል ነው። ለእያንዳንዱ 4,615 ብር ከ38 ሳንቲም ይደርሳል። ቀላል ነው፤ ማንም በእጁ አስልቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ጉድለቱ 20 ቀን የሠራችውና 25 ቀን የሠሩት እኩል መውሰዳቸው ነው። ሁለተኛው መንገድ በደመወዝ መጠን ማከፋፈል ነው። የምግብ ሠሪው ደመወዝ 6,000፣ የአስተናጋጁ 2,500፣ የዕቃ አጣቢዋ 2,000 ብር ቢሆን፣ ለምግብ ሠሪው 8,090፣ ለአስተናጋጁ 3,371፣ ለዕቃ አጣቢዋ 2,697 ብር ገደማ ይደርሳል። የምግብ ሠሪው ሙያ በደመወዙ አንድ ጊዜ ተከፍሎበታል፤ በዚህ መንገድ ያው ሙያ ሁለተኛ ጊዜ ይከፈልበታል። ከዚህም በላይ አሠሪው የአንዱን ደመወዝ በጨመረ ቁጥር የሌሎቹ ድርሻ ሳያውቁት ይቀንሳል።

ሦስተኛው መንገድ የነጥብ መንገድ ነው። ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ በሠራባቸው ቀኖች ይባዛል፤ የሁሉም ተደምሮ ገንዘቡ ለድምሩ ይካፈላል። በምሳሌው ቤት ለአስተናጋጅና ለምግብ ሠሪ 10፣ ለዕቃ አጣቢ 8 ነጥብ ተሰጥቷል እንበል። አስተናጋጆቹ በጠቅላላው 120 ቀን ስለሠሩ 1,200 ነጥብ፣ ምግብ ሠሪዎቹ 100 ቀን ስለሠሩ 1,000 ነጥብ፣ ዕቃ አጣቢዎቹ 100 ቀን ስለሠሩ 800 ነጥብ ያገኛሉ። ድምሩ 3,000 ነጥብ ነው። 60,000 ብር ለ3,000 ሲካፈል አንድ ነጥብ 20 ብር ያወጣል። እንግዲህ ወሩን ሙሉ የሠራ አስተናጋጅና ምግብ ሠሪ እያንዳንዳቸው 5,000 ብር፣ አምስት ቀን የቀረችው አስተናጋጅ 4,000 ብር፣ እያንዳንዷ ዕቃ አጣቢ 4,000 ብር ይወስዳሉ። ድርሻዎቹ ሲደመሩ 60,000 ብር ይሞላሉ፤ የሚተርፍም የሚጐድልም የለም።

ነጥቡ ስምንት ይሁን ወይስ ዘጠኝ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይጋጋላል። ምክንያቱ ለውጡ ስንት ብር እንደሆነ ማንም አስልቶ ስለማያሳይ ነው። የዕቃ አጣቢዋ ነጥብ ወደ 9 ከፍ ቢል ድምሩ 3,100 ይሆናል፤ አንድ ነጥብም 19 ብር ከ35 ሳንቲም ያህል ያወጣል። የአጣቢዋ ድርሻ ከ4,000 ወደ 4,355 ብር ሲያድግ፣ የሙሉ ወር አስተናጋጅ ድርሻ ከ5,000 ወደ 4,839 ብር ይወርዳል። አንዷ 355 ብር ታገኛለች፤ ሌላው 161 ብር ይለቃል። ሁለቱ ቁጥሮች በጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ በኋላ የሚደረግ ክርክር በስሜት ከሚደረገው አጭር ነው። ነጥቡን የሚወስኑት ሠራተኞቹና አሠሪው ተነጋግረው ሲሆን፣ ውሳኔው ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት መጻፍ አለበት። ገንዘቡ ከታየ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለአንድ ሰው ታስቦ የወጣ ይመስላል።

በሐድያና በከምባታ ከተሞች ግን በወሩ ቀኖች ብቻ ማስላት የማይበቃበት ጊዜ አለ። እንደሚታወቀው መስከረም አጋማሽ ሲደርስ የሐድያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ ይከበራሉ። ከአዲስ አበባ፣ ከሌሎች ከተሞችና ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር ወገን ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜና ወደ ሺንሺቾ ይገባል። በእነዚያ ቀኖች የሚሰበሰበው ገንዘብና የሚደርሰው ድካም ከተራ ቀን ጋር አይወዳደርም። በምሳሌው ቤት አስተናጋጇ የቀረችባቸው አምስት ቀኖች የበዓሉ ቀኖች ቢሆኑና ከ60,000 ብሩ ግማሹ በእነዚያው ቀኖች ቢሰበሰብስ? በወሩ ስሌት አሁንም 4,000 ብር ትወስዳለች። የበዓሉ ገንዘብ ለብቻው፣ የቀሩት 20 ቀኖች ገንዘብ ለብቻው ሲሰላ ግን ድርሻዋ 2,459 ብር ያህል ይሆናል፤ በዓሉን በሥራ ያሳለፈው ጓደኛዋ ደግሞ 5,138 ብር ያህል ያገኛል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ስሌቱ በየሳምንቱ ተዘግቶ ክፍያው በወሩ መጨረሻ ቢፈጸም፣ የበዓል ሳምንት ራሱን ችሎ ይቆማል። በተራ ወር ሁለቱ ስሌቶች ተቀራራቢ ውጤት ስለሚሰጡ በዚህ የሚጎዳ ሰው አይኖርም።

ይህን ካልን በኋላ መቅረት ሁሉ አንድ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። በራስ ጉዳይ መቅረትና የወሊድ ፈቃድ አይመሳሰሉም። አዋጁ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀኖች ከደመወዝ ጋር ፈቅዶላታል። ነገር ግን የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይደለም ስለተባለ፣ ገቢዋ በአብዛኛው ከዚሁ ለሆነች ሴት ፈቃዱ ላይ ያለው "ከደመወዝ ጋር" የሚለው ቃል ከገቢዋ ትንሹን ክፍል ብቻ ያስከብርላታል። የምሳሌው ዕቃ አጣቢ ደመወዟ 2,000፣ የአገልግሎት ድርሻዋ 4,000 ብር ነው፤ ስትወልድ ከ6,000 ብሩ የሚቀራት 2,000 ይሆናል። ይህን ለማቃለል የቤቱ ደንብ የወለደችን ሠራተኛ በግማሽ ነጥብ እንደሠራች ሊቈጥራት ይችላል። ሸክሙ በ12 ሰው ላይ ሲበተን ቀላል ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

ጥሩ ስሌት ያለው ቤትም ገንዘቡ ከስሌቱ በፊት ሊፈስበት ይችላል። አንደኛው ፍሳሽ በድምሩ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው በየቀኑ ሲዘጋ የሚያትመው ዜድ ሪፖርት ይበቃል። የወሩ ዜድ ሪፖርቶች የሚያሳዩት የአገልግሎት ክፍያ ድምር ለሠራተኞች ከተከፈለው ድምር ጋር መመሳሰል አለበት። መሣሪያው የአገልግሎት ክፍያውን ለይቶ የማያሳይ ከሆነ፣ ታክሱን በ0.15 አካፍሎ የተገኘውን ደግሞ በ11 ማካፈል ነው። በምሳሌው ቤት የወሩ ታክስ 99,000 ብር ነው፤ በ0.15 ሲካፈል 660,000፣ ያም በ11 ሲካፈል 60,000 ይመጣል። ይህ የሚሠራው ግን ሽያጩ በሙሉ ታክስም የአገልግሎት ክፍያም የተጠየቀበት ከሆነ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፍሳሽ ተቀናሽ ነው። የተሰበረ ብርጭቆ፣ ሳይከፍል የሄደ እንግዳ፣ የጐደለ ማንኪያ፣ የሥራ ልብስ እየተባለ ከጋራው ገንዘብ ይቀነሳል። አዋጁ ከደመወዝ ላይ የሚደረግ ተቀናሽን የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን፣ መጠኑም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ገድቧል። የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ ውጭ ስለሆነ ይህ አጥር እንዲከበርለት ከተፈለገ በቤቱ ደንብ ላይ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል። ብርጭቆ መሰበሩ በሥራ ላይ የሚጠበቅ ወጪ ነው፤ ወጪነቱም የቤቱ ነው። ሦስተኛው ፍሳሽ የአለቃ ድርሻ ነው። ነጥብ የሚሰጠውና ተራ የሚመድበው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ነጥብ ካለው፣ ዳኛውና ተካፋዩ አንድ ሰው ይሆናሉ።

ሌሎች አገሮች ይህንኑ በሕግ ወስነውታል። በፊሊፒንስ የሥራ ሕግ ከአገልግሎት ክፍያው 85 በመቶው ለሠራተኞች፣ 15 በመቶው ለአስተዳደሩ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ ቁጥር 11360 ግን መቶ በመቶው ከሥራ መሪዎች በስተቀር ለሠራተኞች እንዲከፋፈል አደረገ። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውና ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የጸናው ሕግ አሠሪዎች ጉርሻንና የአገልግሎት ክፍያን ለራሳቸው እንዳያስቀሩ፣ ክፍፍሉም ፍትሐዊና በጽሑፍ የታወቀ እንዲሆን ያስገድዳል።

አሁን ወደ ሃምሳው ብር፣ ወደ ጉርሻው እንመለስ። የአገልግሎት ክፍያ ባለበት ቤት ወጥ ቤቱና ማጠቢያው በነጥባቸው ድርሻቸውን ስላገኙ፣ ጉርሻው ለአስተናጋጁ ቢቀር አይጎዱም። ችግሩ የሚነሣው የአገልግሎት ክፍያ በማይጠይቁት ቤቶች ነው፤ በዱራሜም ሆነ በአንጋጫ አንድ አነስተኛ የክትፎ ወይም የቁርስ ቤት አሥር በመቶ ሳይጨምር ሲሠራ፣ ከኋላ ላሉት የሚደርስ ከጉርሻው በቀር ሌላ ገንዘብ የለም።

በእንዲህ ያለው ቤት ሁለት መንገዶች ይታያሉ። አንዱ አስተናጋጁ ከሸጠው ሒሳብ የተወሰነ እጅ፣ ለምሳሌ ከመቶ አንድ ብር፣ ለጓዳ እንዲያዋጣ ነው። ሽያጩ ስለሚታወቅ መደበቅ አይቻልም፤ ነገር ግን እንግዳው ምንም ሳይተው በሄደበት ቀን አስተናጋጁ ከኪሱ ይከፍላል። ጉርሻ እርግጠኛ ባልሆነበት ከተማ ይህ አይመከርም። ሌላው ከተገኘው ጉርሻ ራሱ አንድ አራተኛውን ማዋጣት ነው። 400 ብር ያገኘ 100 ብር ይሰጣል፤ ምንም ያላገኘ ምንም አይሰጥም። እዚህ ላይ ደግሞ መጠኑን የሚያውቀው አስተናጋጁ ብቻ ነው። አንድ አራተኛው ግማሽ ይሁን ቢባል የሚደበቀው ይበዛል እንጂ ጓዳው የሚያገኘው አያድግም። ድርሻው ሰው ሳይደብቅ ሊሰጠው የሚችለው ያህል መሆን አለበት የሚባለው ስለዚህ ነው።

የጉርሻው መንገድም እየተለወጠ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንግዳው ከሒሳቡ በላይ ያለውን በስልክ ሲልክ ይታያል። ወደ ቤቱ ሒሳብ ከገባ፣ ከደረሰኙ በላይ የሆነው ትርፍ በዚያኑ ቀን በመዝገብ ተለይቶ ካልተጻፈ ከሽያጩ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ወደ አስተናጋጁ ስልክ ከገባ ደግሞ ከሣጥኑ ውጭ ይቀራል። ደንቡ ሁለቱንም በስም መጥራት ይኖርበታል።

ለጥሬ ገንዘቡ የቈየ የአገር ልማድ አለ። እቁብ ያለ ዳኛና ያለ ጸሐፊ አይቆምም፤ ገንዘቡን የሚይዘውና የሚጽፈውም ሁለት ሰዎች ናቸው። የጉርሻ ሣጥንም እንዲሁ ከአስተናጋጆች አንድ፣ ከጓዳ አንድ ተመርጠው ሥራ ሲያበቃ በአንድነት ቢከፍቱት፣ ቆጥረው በደብተር ቢጽፉትና ቢፈርሙበት፣ ስለ መጠኑ የሚነሣው ሐሜት መሠረት ያጣል። ከየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ሰዎቹ ቢለወጡ ይመረጣል።

በመጨረሻም የነጥብ ስሌት ሊያደርግ የማይችለው ነገር መታወቅ አለበት። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚዋጣው በደመወዙ ላይ ነው። 2,000 ብር ደመወዝና 4,000 ብር የአገልግሎት ድርሻ ያላት ዕቃ አጣቢ በወር የሚገባላት መዋጮ 360 ብር ሲሆን፣ 6,000 ብሩ በሙሉ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ 1,080 ብር ይሆን ነበር። የአሥር በመቶውን ድርሻ ምክንያት አድርጎ ደመወዝን ዝቅ ማድረግ ዛሬ ባይታይም በእርጅና ዘመን ይታያል። ስለዚህ አሠሪና ሠራተኛ ለስምምነት በሚቀመጡበት ጊዜ የነጥቡ ሠንጠረዥና የደመወዙ ስኬል በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ ይገባቸዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የእያንዳንዱ መደብ ነጥብ፣ የተቆጠሩት ቀኖች፣ የዜድ ሪፖርቱ ድምርና የአንድ ነጥብ ዋጋ በዚያ ላይ ተጽፈው በየወሩ በወጥ ቤቱ በር ላይ ይለጠፉ። ዕቃ አጣቢዋ እጇን አድርቃ ነጥቧን በዋጋው አባዝታ፣ በፖስታዋ ካለው ጋር ልታስተያየው የምትችል ከሆነ ሥርዓቱ ቆሟል ማለት ይቻላል።